ማሰሪያው አንቀጽ እስኪመጣ

ከሐይቅ ከተማ ወደ ወልድያ ሲኬድ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። በዚህች ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛው መቻልን፣ በጣሊያንኛው ግዴታን ተናግሮ ጦርነት አስከተለ። እዚያ የከዳው አንድ ግስ ነበር። ከፈረንሳይኛ ስንተረጉም ግን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ግሱ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሮቹን የሚያያይዘው ቃል ነው።

ፈረንሳይኛ ስሙን አስቀድሞ ገላጩን ከኋላ ይቀጥላል፤ በገላጩ ውስጥም ሌላ ገላጭ ይከታል። አማርኛ ገላጩን ሁሉ ከስሙ ፊት ይደረድራል፣ ማሰሪያ አንቀጹንም መጨረሻ ላይ ያኖራል። ስለዚህ የፈረንሳይኛውን ቅርጽ ጠብቀን ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ አንድ ዓረፍተ ነገር ብንተረጉም እንዲህ ይወጣል፦

«በደብረ ዳሞ የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሩት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለትምህርት የመጡበት፣ ዝናው የገነነው፣ ያኔ ደሴት ላይ የነበረው ገዳም ዛሬ በእግር ይገባበታል።»

ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ አንባቢው ግን ስለ ምን እንደሚነገር ሳያውቅ አምስት የ«የ» ገላጮችን ተሸክሞ ይጓዛል። የባሰው ሌላ ነው። በፈረንሳይኛው «ቴል ክ» የሚለው ማያያዣ የዝናውን ብዛትና የተማሪውን መምጣት በምክንያትና በውጤት ያስራቸው ነበር፤ «ቢየን ክ» ደግሞ «ቢሆንም» ይል ነበር። ሁለቱም በ«የ» ውስጥ ቀልጠው ጠፍተዋል።

እኔ መጀመሪያ የማደርገው ማያያዣዎቹን ማስመር ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ የትኛውን ግስ እንደሚይዝ እጠይቃለሁ። እዚህ «ቢየን ክ» የሚይዘው «መጡ»ን ነው ወይስ «ይገባበታል»ን? ፍንጩ ከጊዜው ይገኛል፦ «ያኔ» የተነጻጸረው ከ«ዛሬ» ጋር ነውና የሚይዘው የመጨረሻውን ግስ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የምቆርጠው፦

«ገዳሙን የመሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ የተማሩትም ደብረ ዳሞ ነው። የገዳሙ ዝና እጅግ ከመግነኑ የተነሣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለትምህርት ወደዚያ መጡ። ገዳሙ ያኔ ደሴት ላይ የነበረ ቢሆንም ዛሬ በእግር ይገባበታል።»

ሁለተኛውን «ዝናው ገንኖ አቡነ ተክለ ሃይማኖት መጡ» ማለት ይቀናል። ነገር ግን ቦዝ አንቀጹ «ገንኖ» ቅደም ተከተልን ብቻ ሊናገር ስለሚችል ምክንያቱ ይላላል። በተቃራኒው ደግሞ ከደብረ ዳሞ ቀጥሎ «ስለዚህ» ብጨምር ደራሲው ያላለውን ምክንያት ፈጠርሁ ማለት ነው። ስለዚህ ስጨርስ ያሰመርኋቸውን ማያያዣዎች ከአማርኛው ጋር አንድ በአንድ አመሳክራለሁ፤ የጎደለም የተረፈም እዚያ ይታያል።

በሕግ ጽሑፍ ላይ ግን መቁረጡ ወሰን አለው። ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽና በንዑስ ቁጥር ይጠቀሳል። «ካልሆነ በቀር» የሚለው ሐረግ ተነጥሎ ሌላ ዓረፍተ ነገር ከሆነ፣ ጠበቃው የፊተኛውን ብቻ ጠቅሶ ሊከራከር ይችላልና፣ እዚያ ቢረዝምም ሳይቆረጥ ይቀመጣል።