ከፎቶ ላይ የተነበበ ውጤት፣ በክሬዲት የተመዘነ አማካይ

ለስኮላርሺፕ ወይም ለማስተርስ የሚያመለክት ተመራቂ ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው የትራንስክሪፕቱ ፎቶ ብቻ ነው። ስልኩ ከፎቶው ላይ ጽሑፉን ያወጣለታል፣ ኤክሴል ደግሞ ያሰላለታል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ንባቡ ላይ ነው። A- ላይ ያለችው ትንሽ ሰረዝ በጥላ ወይም በወረቀቱ እጥፋት ስትጠፋ፣ ተማሪው ሳያውቀው A አግኝቷል።

ስለዚህ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ሳያዘነብሉ ከላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው የረድፎቹ ቁጥር ነው። ስሙ ረዝሞ ሁለት መስመር የያዘ ኮርስ ካለ፣ ስልኩ ሁለት ኮርስ አድርጎ ያነበዋል። ያኔ ከእሱ በታች ያለው ውጤት ሁሉ አንድ ረድፍ ይንሸራተትና የፊዚክሱ ውጤት ለእንግሊዝኛው ይሰጣል። የኮርሶቹን፣ የክሬዲቶቹንና የውጤቶቹን ብዛት ለየብቻ ቆጥሮ እኩል መሆናቸውን ማየት ይህን ወዲያው ያጋልጣል።

አንድ ሴሚስተር በምሳሌ እንይ። ሒሳብ 4 ክሬዲት B+፣ ፊዚክስ 4 ክሬዲት A-፣ እንግሊዝኛ 3 ክሬዲት B፣ ሎጂክ 3 ክሬዲት A፣ ጂኦግራፊ 3 ክሬዲት C+። ስፖርት P ስለሆነ ከስሌቱ ይወጣል፤ ዜሮ ተብሎ ከገባ ግን አማካዩን ያለአግባብ ይጎትተዋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው አሰጣጥ A 4፣ A- 3.75፣ B+ 3.5፣ B 3፣ C+ 2.5 ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በክሬዲቱ ሲባዛ 14፣ 15፣ 9፣ 12 እና 7.5 ይመጣል፤ ድምሩ 57.5 ነው። ይህ ለ17 ክሬዲት ሲካፈል 3.38 ይሆናል። ክሬዲቶቹን በ B፣ ነጥቦቹን በ C አምድ ካስቀመጥን ኤክሴል ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B6,C2:C6)/SUM(B2:B6)
```

ደግነቱ፣ ብዙ ትራንስክሪፕት ላይ የሴሚስተሩ ጠቅላላ ክሬዲት፣ ጠቅላላ ነጥብና ጂፒኤ ታትሞ ይገኛል። ከፎቶው ያወጣነውን የምንፈትነው በዚህ ነው። የእኛ ድምር 58.5 ቢመጣና ወረቀቱ 57.5 ቢል፣ ልዩነቱ 1 ነው። በ A እና በ A- መካከል ያለው 0.25 ሲሆን፣ በ4 ክሬዲት ሲባዛ ልክ 1 ይሆናል። እንግዲህ ባለ 4 ክሬዲት ከሆኑት መካከል A ተብሎ የተነበበውን ፈልጎ፣ ፎቶውን አጉልቶ ማየት ነው፤ የፊዚክሷ ሰረዝ ጠፍታለች ማለት ነው።

የሬጅስትራሩ ማህተም የጂኦግራፊውን ውጤት ቢሸፍነውም በዚሁ መንገድ ማወቅ ይቻላል። የሌሎቹ አራት ድምር 50 ነው፤ ከ57.5 ሲቀነስ 7.5 ይቀራል፣ ለ3 ሲካፈል 2.5፣ ማለትም C+። ሁለት ውጤት ከተሸፈነ ግን ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ የተለያዩ ጥንዶች አንድ ዓይነት ድምር ሊሰጡ ስለሚችሉ ሌላ ኮፒ መፈለግ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚያሳስተው የነጥብ አሰጣጡ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ የጂፒኤ ማስያዎች የተሠሩት በአሜሪካ ልማድ ነው፤ A- እዚያ 3.7፣ B+ 3.3፣ C+ ደግሞ 2.3 ነው። ያንኑ ሴሚስተር በእነሱ ስናሰላው 3.38 የነበረው 3.29 ይሆናል። ተማሪው ምንም ሳይጎድለው ከወረቀቱ ያነሰ ቁጥር ፎርም ላይ ይሞላል። መከተል ያለብን ትራንስክሪፕቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በጀርባው፣ የታተመውን የነጥብ ሠንጠረዥ ነው።

አንዳንድ ማመልከቻ ደግሞ የራሱን አመዛዘን ይዞ ይመጣል። «ሒሳብና ፊዚክስ እጥፍ ይቆጠራሉ» ቢል፣ የሚታጠፈው ክሬዲቱ እንጂ ውጤቱ አይደለም። ሁለቱ እያንዳንዳቸው 8 ክሬዲት ሆነው ይገባሉ። ነጥባቸው 28 እና 30 ይሆናል፣ ጠቅላላው ነጥብ 86.5፣ ጠቅላላው ክሬዲት 25፣ አማካዩም 3.46። ላይ ያለውን አጥፎ ታች ያለውን 17 መርሳት 5.09 ይሰጣል፤ ከ4 ስለሚበልጥ ስህተቱ በዓይን ይታያል። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ብቻ ቢሆን የሚታጠፈው ግን፣ የተሳሳተው ቁጥር ከ4 በታች ሊቀርና ማንም ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ክብደቶቹ ራሳቸውን ችለው በአንድ አምድ ይጻፉ፣ ማካፈያውም የዚያ አምድ ድምር ይሁን። ፎርሙ ላይ 3.46 ሲሞላ «ሒሳብና ፊዚክስ በእጥፍ ክሬዲት፣ P ሳይጨምር፣ ከ4» የሚል አንድ መስመር ከጎኑ ቢጻፍ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ 3.38 ያየው መርማሪ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ራሱ አስልቶ ያገኘዋል።