ዋይፋይ 4፣ 5፣ 6፣ 7፦ ሰው በበዛበት ቤት ቁጥሩ ምን ይለውጣል?

ታላቅ እህቴ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ከባለቤቷ፣ ከሦስት ልጆቿ፣ ከአማቷና ዩኒቨርሲቲ ከሚማር የወንድማችን ልጅ ጋር ትኖራለች። ማታ ማታ ሁሉም ቤት ሲገባ ኢንተርኔቱ ይታመማል። ፊልሙ መሀል ላይ ቆሞ ክቧ ትሽከረከራለች፤ ውጭ አገር ካለችው ልጃቸው ጋር በቪዲዮ የሚያወሩት አማቷ ድምፁ እየተቆራረጠ ይቸገራሉ። አንድ ሻጭ ታዲያ “የእናንተ ራውተር አምስት ነው፤ አሁን ስድስት ገብቷል፣ እሱን ውሰጂ” አላትና ደወለችልኝ።

“እትዬ፣ ገንዘብሽን አታውጪ። እሑድ መጥቼ ልየው” አልኳት።

ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ላስቀድም። ዋይፋይ የሚሠራበትን ደንብ የሚያወጣው አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ለደንቡ የሰጠው ስም 802.11 ሲሆን፣ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ከኋላው ፊደል ይጨመርበታል። የመጀመሪያው በ1997 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ሲወጣ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነበር። በ1999 802.11b እና 802.11a፣ በ2003 802.11g፣ በ2009 802.11n ተከተሉ። ፊደሎቹ ሰውን ስላደናገሩት በ2018 የዋይፋይ አሊያንስ ቁጥር ሰጣቸው። 802.11n ዋይፋይ 4፣ 802.11ac ዋይፋይ 5፣ 802.11ax ደግሞ ዋይፋይ 6 ተባለ። ከአራት በፊት ለነበሩት በይፋ የተሰጠ ቁጥር የለም፤ “ዋይፋይ 3” የሚባል ሰው ቢያጋጥማችሁ በልማድ 802.11gን ማለቱ ነው።

ማሸጊያው ላይ ከቁጥሩ ጎን በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት ነው። ሰው በበዛበት ቤት ግን የሚያልቀው ፍጥነት ሳይሆን ተራ ነው። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ራሱ ራውተሩም ከመናገራቸው በፊት ያዳምጣሉ፤ ሌላው እያወራ ከሆነ ይጠብቃሉ። ሁለቱ እኩል ከተናገሩ የሁለቱም መልእክት ይበላሽና እንደገና ይላካል። በዚያው ቻናል ላይ ያለ የጎረቤት ራውተርም፣ የይለፍ ቃላችሁን ባያውቅም፣ በዚሁ ወረፋ ውስጥ አለ።

ወረፋውን የሚያከብደው ደግሞ ቀርፋፋው ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሄድ አንድ ሙሉ የመረጃ ጥቅል 1500 ባይት፣ ማለትም 12 ሺህ ቢት ያህል ነው። በሰከንድ 300 ሜጋቢት የሚሠራ ስልክ ይህን በአንድ ሺኛ ሰከንድ 4 በመቶ ውስጥ ይጨርሳል። በሰከንድ 6 ሜጋቢት የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ሁለት ሺኛ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሃምሳ እጥፍ መሆኑ ነው። ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ተራ ቢደርሳቸው ጊዜው ሁሉ በአሮጌው እጅ ነው የሚያልፈው። ፈጣኑ ስልክ ቆሞ ይጠብቃል።

እሑድ ከቡና በኋላ መሣሪያዎቹን ቆጠርን፦ ሰባት ስልክ፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ታብሌት፣ ቴሌቪዥንና ፕሪንተር፤ አሥራ ሁለት። ጓዳ በኩል ባለው መኝታ ቤት የባለቤቷ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ይህን መጻፍ ነው፦

```
netsh wlan show interfaces
```

ከሚመጡት መስመሮች ውስጥ እኔ የፈለግኋቸው ሦስቱን ነበር፦

```
Radio type             : 802.11g
Channel                : 6
Receive rate (Mbps)    : 6
```

የ2003 ደንብ፣ ኮንክሪት ግድግዳ ጀርባ፣ በሰከንድ 6 ሜጋቢት። ያንን ሃምሳ እጥፍ የሚፈጀው መሣሪያ ይኸው። ከዚያ የጎረቤቶቹን ለማየት `netsh wlan show networks mode=bssid` ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ኔትወርክ ወጣ፤ አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ነበሩ። በዚህ ሞገድ ላይ ቻናሎቹ ቁጥራቸው ብዙ ይምሰል እንጂ እርስ በርስ የማይነካኩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሕንፃው ሙሉ በሦስት ወረፋ ላይ ተሰልፏል ማለት ነው።

ቀጥዬ ችግሩ ቤት ውስጥ ይሁን ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ለመለየት ራሱን ራውተሩን ጠራሁት፦

```
ping 192.168.1.1
```

አድራሻው እንደ ራውተሩ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ተለጥፎ ይገኛል። ባዶ ወረፋ ላይ መልሱ በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ይመጣል። እዚህ ግን አንዴ 8፣ አንዴ 140፣ አንዴ 310 ይል ነበር፤ አልፎ አልፎም መልስ የለም። ይህ የኢንተርኔት አቅራቢው ጥፋት አይደለም፤ መልእክቱ ገና ከቤት አልወጣም። ቁጥሩ እዚህ ጋ ዝቅ ብሎና ረግቶ ኢንተርኔቱ ቢዘገይ ኖሮ ጥፋቱ የመስመሩ ስለሚሆን የትኛውንም ዓይነት ራውተር መግዛት አይጠቅምም። የእህቴ መስመር በሰከንድ 25 ሜጋቢት ነው፤ ዋይፋይ 4ም ቢሆን ወረፋው ቀና ከሆነለት ከዚያ በላይ ይሸከማል።

እንግዲህ ትውልዶቹን በዚህ ወረፋ መዝኑልኝ። ዋይፋይ 4 ሁለት ቁም ነገር አመጣ። በብዙ አንቴና በአንድ ጊዜ የተለያየ መረጃ መላክ ቻለ፤ ደግሞም አንድ ተራ ሲደርሰው አንድ ጥቅል ብቻ ልኮ ከመመለስ ብዙ ጥቅሎችን አስሮ መላክ ጀመረ። ሁለተኛው ብዙ አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ወረፋን በማሳጠር የሚበልጠው እሱ ነው።

ዋይፋይ 5 ደንቡ በ2013 ሲወጣ በ5 ጊጋኸርትዝ ላይ ብቻ እንዲሠራ ሆኖ ነው። ስለዚህ “ዋይፋይ 5” የተባለ ራውተር በ2.4 ላይ ሲሠራ ዋይፋይ 4 ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። 5 ጊጋኸርትዝ ብዙ ቻናል አለው፤ ግድግዳ ግን እንደ 2.4 አያልፍም። እንደ ድክመት ይወራበታል፤ በኮንዶሚኒየም ግን በረከት ነው፤ የጎረቤትም ሞገድ ወደ እናንተ እንደ ልቡ አይገባማ። ኋላ ላይ የወጡት የዚህ ትውልድ ራውተሮች ለብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ መላክም ይችላሉ፤ ሆኖም ከራውተሩ ወደ መሣሪያው ብቻ ስለሆነና መሣሪያዎቹም አቀማመጣቸው የተመቸ መሆን ስላለበት፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያን ያህል ለውጥ አላየሁበትም።

ለተጨናነቀ ቤት ተብሎ የታሰበው ትውልድ ዋይፋይ 6 ነው። እስከዚያ ድረስ አንዲት አጭር መልእክት ለመላክም ቢሆን ቻናሉ በሙሉ ይያዝ ነበር፤ አንድ ተሳፋሪ ይዞ ሚኒባሱን ሙሉ እንደ መውሰድ። በዋይፋይ 6 ራውተሩ ረዳት ሆኖ ወንበር ያድላል፦ 20 ሜጋኸርትዝ ስፋት ያለውን አንድ ቻናል ቆራርሶ እስከ ዘጠኝ መሣሪያ በአንድ ጉዞ ይጭናል፤ ሲሄድም ሲመለስም። የአንዱ ድምፅ፣ የሌላው የቴሌግራም መልእክት፣ የሦስተኛው ጨዋታ አብረው ይሄዳሉ። ከዚህ ሌላ የየኔትወርኩ መልእክት “ቀለም” የሚባል መለያ ቁጥር ስለሚይዝ፣ ከሩቅ የሚሰማ የጎረቤት መልእክት ሲመጣ መሣሪያው የራሱ አለመሆኑን ያውቅና ዝም ብሎ ከመጠበቅ ሥራውን መቀጠል ይችላል። ገደቡ ግን ከባድ ነው፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው መሣሪያዎቹም ዋይፋይ 6 ሲሆኑ ነው። ከአይፎን 11 ወይም ከሳምሰንግ ኤስ10 በፊት የወጡት የሁለቱ ኩባንያዎች ስልኮች ይህን አያውቁም። አሮጌ መሣሪያ እንደ ድሮው ሙሉ ሚኒባስ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋልም።

ዋይፋይ 6ኢ ይኸው ስድስት ነው፤ ልዩነቱ በ6 ጊጋኸርትዝ ላይ አዲስ መንገድ መክፈቱ ነው። አሜሪካ ይህን ሞገድ በ2020 ከፈተች፤ በየአገሩ የተፈቀደው ስፋት አንድ አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ስፋቱ ብቻ አይደለም፤ ወደዚህ መንገድ መግባት የሚችሉት ከ6ኢ ጀምሮ ያሉት ብቻ ስለሆኑ የ2003ቱ ላፕቶፕ እዚያ ወረፋ ሊያጓትት አይችልም። ዋይፋይ 7፣ በ2024 መጀመሪያ የምስክር ወረቀት መስጠት የተጀመረለት፣ አንድ መሣሪያ ሁለት ሞገድ አንድ ላይ ይዞ ክፍት በሆነው እንዲሄድ ያደርጋል። እጥፍ የሆነው የቻናል ስፋቱ ግን ያለ 6 ጊጋኸርትዝ አይገኝም፤ 25 ሜጋቢት መስመር ላለው ቤትም ትርጉም የለውም። ስምንተኛው ገና በዝግጅት ላይ ነው፤ ዓላማውም የፍጥነት ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ሳይሆን የማይቆራረጥ መሆን ነው።

ወደ እህቴ ቤት ልመለስ። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሳይ አሥራ ሁለቱም በ2.4 ላይ መሆናቸውን አየሁ። ራውተሩ ሁለት ስም ያሳያል፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ “5G” የሚል አለበት።

“ይሄኛውን ለምን አትጠቀሙም?” አልኩ።

“ስልኮቻችን ፋይቭ ጂ አይደሉማ!” አለችኝ።

እዚህ ጋ ያለው “5G” 5 ጊጋኸርትዝ ማለት ነው፤ ከሞባይሉ አምስተኛ ትውልድ ጋር አይገናኝም። ስልኮቹን፣ ታብሌቱንና የወንድማችንን ልጅ ላፕቶፕ ወደዚያ አዛወርናቸው፤ ሁሉም ተቀበሉት። ቴሌቪዥኑን ራውተሩ አጠገብ ስለሆነ በሁለት ሜትር ገመድ አገናኘነው፤ ከወረፋው ጭራሽ ወጣ። በ2.4 ላይ የቀሩት ፕሪንተሩና አሮጌው ላፕቶፕ ብቻ ናቸው።

ማታ ሁሉም ስልኩን ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት ከልጁ ላፕቶፕ ላይ ራውተሩን እንደገና ጠራሁት፤ መልሱ ከ2 እስከ 6 ነበር። አማትየዋ ከልጃቸው ጋር አርባ ደቂቃ ያለማቋረጥ አወሩ። ራውተሩ ያው የድሮው ነው፤ ዋይፋይ 5። ከሰባቱ ስልኮች ዋይፋይ 6 የሚያውቁት ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ እኩሌታው እስኪቀየር ድረስ አዲስ ራውተር ላለመግዛት ተስማምተናል።