ቅጠሉን ገልብጠው ያንሱት

በፎገራ ሜዳ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውኃ በሞተር እየሳበ በበጋ ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ፣ ፍሬው መያዝ በጀመረበት ሰሞን ብዙ ጊዜ ከአንድ ችግር ጋር ይፋጠጣል። ለምለም የነበረው ተክል ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ቅጠሉም ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ቀደም ሲል ቢሆን ቅጠሉን ቀጥፎ፣ በወረቀት ጠቅልሎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ፍለጋ ይሄድ ነበር። አሁን ልጁ በስልክ ያነሣውና በቴሌግራም ይልከዋል። ከፎቶው ሥር አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ «ምን እንርጭ?»

ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ ገንዘብ ያስወጣል። ከመድኃኒት ሻጩ መደርደሪያ ላይ ያለው ማንኮዜብ በቅጠል ላይ ያረፈ የፈንገስ ዘር እንዳይበቅል ይከላከላል። ሪዶሚል በሚል ስም የሚታወቀው ደግሞ ማንኮዜብን ሜታላክሲል ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር የያዘ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሜታላክሲል የሚሠራው ሌት ብላይት በሚባለው በሽታና በዘመዶቹ ላይ ነው። ተክሉን የመታው ሌላ ፈንገስ ከሆነ ገበሬው ለማይሠራለት ነገር ከፍሏል ማለት ነው። በሽታው የባክቴሪያ ከሆነ ሜታላክሲል ምንም አይረዳውም፤ ማንኮዜብም ለብቻው ባክቴሪያን የሚያቆም መድኃኒት አይደለም። ነጠብጣቡን ያመጣው ትል ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ከንቱ ናቸው። ስለዚህ ከመርጨቱ በፊት ነጠብጣቡ የማን እንደሆነ መለየት ግድ ነው።

እንግዲህ በብዛት የሚላከውን ዓይነት ፎቶ እንመልከት። በቀትር ፀሐይ፣ በመዳፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ቅጠል ነው። ግማሹ ደርቋል፤ የቀረው ቢጫ ነው፤ በመሃል ጠቆር ያሉ ነጥቦች ይታያሉ። ፀሐዩ ስለበረታ የቅጠሉ ፊት ያንጸባርቃል፤ ስልኩም ትኩረቱን የጣለው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን የእጁ መስመሮች ላይ ነው። ከዚህ ፎቶ ተነሥቶ የበሽታውን ስም የሚጠራ ባለሙያ ቢኖር ገመተ እንጂ አላወቀም። እንደ እውነቱ ከሆነ የደረቀ ቅጠል ከሁሉ የከፋ ማስረጃ ነው፤ በምንም ምክንያት ይሙት፣ ከሞተ በኋላ ሁሉም ቅጠል መልኩ ተመሳሳይ ነው። የሚናገረው ገና መታመም የጀመረው፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ የታመመ ቅጠል ነው።

ጥሩ ባለሙያ መድኃኒት ከመጥራቱ በፊት እንዲህ ብሎ ይመልሳል፦ «አያ፣ ሦስት ፎቶ ይላኩልኝ። መጀመሪያ ሙሉውን ተክል ከሥር እስከ ጫፍ፤ ቀጥሎ አንድ የታመመ ቅጠል ከፊቱ በቅርበት፤ ከዚያ ያንኑ ቅጠል ገልብጠው ያንሱት። ጧት ጤዛው ሳይደርቅ ቢሆን ይመረጣል። መጠኑን እንዳውቀው ከጎኑ አንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ።» ቅጠሉን ከግንዱ ሳይቆርጡ፣ በራስ ጥላ ከልለው፣ የስልኩን መስታወት በቅጠሉ ነጠብጣብ ላይ በጣት ነክተው ማንሣት በቂ ነው። ስልኩን ከልክ በላይ ሲያስጠጉት ምስሉ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ራቅ አድርጎ ማንሣት ይሻላል።

ሦስቱ ፎቶዎች ደረሱ እንበል።

የሙሉው ተክል ፎቶ በአንድ እይታ ብዙ ነገር ይናገራል። ቢጫውና ነጠብጣቡ ያለው መሬት የሚነኩት የታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ነው፤ መሃሉ ቀላል ምልክት አለው፤ ጫፉ ንጹሕ አረንጓዴ ነው። ይህ ብቻውን አንዳንድ ተጠርጣሪዎችን ይቀንሳል። በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው የቲማቲም ቅጠል አጠቅላይ ቫይረስ ቢሆን ኖሮ የሚታመመው ጫፉ ነበር፤ አዲሶቹ ቅጠሎች አንሰው፣ ወደ ላይ ተጠቅልለው፣ ዳርዳራቸው ቢጫ ሆኖ ይታይ ነበር። የናይትሮጅን እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮም የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ እንጂ ነጠብጣብ አያወጡም። ማግኒዥየም ያነሰው ተክል ደግሞ የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ብቻ ቢጫ ይሆናል።

ሁለተኛው ፎቶ ወደ ነጠብጣቡ ያስገባል። ከሳንቲሙ ጋር ሲተያይ እያንዳንዱ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ዙሪያውን ቢጫ ከቦታል። ፎቶውን በጣት ሲያሰፉት ውስጡ ድንጋይ የተወረወረበት ኩሬ ይመስል አንዱ በአንዱ ውስጥ የገባ ክብ ቀለበት ይታያል። ይህ ቀለበት አልተርናሪያ የሚባለው ፈንገስ የሚያመጣው፣ ባለሙያዎች አርሊ ብላይት የሚሉት በሽታ ትልቁ መለያ ነው። ፈንገሱ ባለፈው ዓመት በማሳው በቀረ ገለባና ቅጠል ላይ ይቆያል፤ በውኃ ፍንጣቂና በነፋስ የታችኞቹን ቅጠሎች መጀመሪያ ያገኛል። ሞቅ ያለ ቀንና ጤዛ ያለበት ሌሊት ይስማማዋል። ፍሬ የተሸከመና ማዳበሪያ ያነሰው ተክል ይበልጥ ይጠቃል። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣቦቹ እየተገናኙ ሲሄዱ ቅጠሉ በሞላ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል።

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ሴፕቶሪያ የሚባል ሌላ ፈንገስም እንዲሁ ከታች ይጀምራል፣ እንዲሁ ቢጫ ያደርጋል። ልዩነቱ በነጠብጣቡ ነው። የሴፕቶሪያ ነጠብጣብ ትንሽ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር። በብዛት ይበተናል፤ መሃሉ ግራጫ፣ ዳሩ ጥቁር ነው። ደህና ካሜራ ወይም ማጉያ መስታወት ያለው ሰው ግራጫው መሃል ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ያያል። ቀለበት ግን የለውም። የባክቴሪያ ነጠብጣብም ትንሽ ነው፤ ጥቁር ሆኖ መጀመሪያ ላይ ውኃ የጠጣ፣ ቅባት የነካው መስሎ ይታያል፤ ፍሬው ላይም ሻካራ እከክ ያወጣል። ስለዚህ ቅጠሉ ሲያጠራጥር አንድ የታመመ ፍሬ ማንሣት ብዙ ያግዛል። አርሊ ብላይት ፍሬውን ሲይዝ ከእንጨቱ ጋር በሚያያዝበት በኩል ጥቁር፣ ወደ ውስጥ የገባ፣ እሱም ቀለበት ያለው ቁስል ያሳያል።

ሦስተኛው፣ የጀርባው ፎቶ፣ ከሁሉ የሚበልጥ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ገበሬዎች ብዙ ጊዜ የማይልኩትም እሱኑ ነው። የሚፈለገው ሌት ብላይት አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ሌት ብላይት ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ ይነሣል፤ ከታችም ከላይም ይጀምራል፤ ነጠብጣቡ ሰፊ፣ ቅርጽ የሌለው፣ ውኃ የበዛበት ነው። ጧት ላይ ቅጠሉ ሲገለበጥ በቁስሉ ዳር ዳር ነጭ ስስ ሻጋታ ይታያል። አየሩ ከተመቸው ማሳውን በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ስለሚችል ነገ ሊባል አይችልም። በእኛ ምሳሌ የቅጠሉ ጀርባ ደረቅ ነው፤ ሻጋታ የለውም። ግን ፎቶው ከረፋዱ በኋላ ተነሥቶ ቢሆንስ? ጤዛው ከደረቀ ሻጋታውም ሊጠፋ ይችላል። ይህን የሚያጣራ፣ ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። ሁለት ሦስት የታመሙ ቅጠሎችን ከረጠበ ሶፍት ጋር በፌስታል ውስጥ አስሮ ቤት ውስጥ ከፀሐይ ርቆ ማሳደር ነው። ሌት ብላይት ከሆነ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ነጩ ሻጋታ በቁስሉ ዳር ይወጣል።

አንድ የቀረ ተጠርጣሪ አለ፦ በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል ገብቶ ሥጋውን ይበላል፤ የበላው ቦታ ቡናማ ነጠብጣብ መስሎ ያሳስታል። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት ይለየዋል። ትል የበላው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጡም ጥቁር ኩስ፣ አንዳንዴም ትሉ ራሱ ይታያል። የበሽታ ቁስል ግን ብርሃን አያሳልፍም።

የፎገራው ቅጠል ቀለበት አለው፤ ከታች ጀምሯል፤ ፌስታሉ ውስጥ አድሮ ሻጋታ አላወጣም፤ ወደ ፀሐይ ሲነሣም ብርሃን አላሳለፈም። ባለሙያው አሁን «አርሊ ብላይት ሳይሆን አይቀርም» ሊል ይችላል። «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ቃል መቅረት የለበትም፤ አንድ ቅጠል ላይ ሁለት በሽታ አብረው ሊገኙ ይችላሉና። ማሳው በሙሉ እየተመታ ምልክቱ ከየትኛውም ጋር ካልገጠመ፣ ከነሥሩ የተነቀለ፣ ገና ያልደረቀ ተክል በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወደ ምርምር ማዕከል መላክ አለበት። ለረጅም መንገድ ፌስታል አይሆንም፤ ቅጠሉ ይበሰብስና ያልነበረ ሻጋታ ያወጣል።

መልሱ ከታወቀ ሥራው ይቀላል። የታመሙት የታችኞቹ ቅጠሎች ተክሉ በደረቀበት ሰዓት ይለቀማሉ፤ ከማሳው ወጥተው ይቀበራሉ ወይም ይቃጠላሉ። ቦይ ዳር መጣል በሽታውን እዚያው ማኖር ነው። ከዚያ ማንኮዜብ፣ መያዣው ላይ በተጻፈው መጠን፣ የቅጠሉ ጀርባም እስኪርስ ይረጫል፤ እንደ አየሩ ሁኔታ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ምን ያህል ቀን መቆየት እንዳለበትም መያዣው ይናገራል፤ ፍሬው ለሰው ምግብ ነውና ይህ ቀን መከበር አለበት። በሚቀጥለው በጋ በዚያ መሬት ላይ ሽንኩርት ወይም ሽምብራ ይዘራ፤ ድንች ግን የቲማቲም ዘመድ ስለሆነ ያንኑ ፈንገስ ያስቀጥላል።

ከርጭቱ በኋላ ብዙ ገበሬ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። በሳምንቱ ማሳውን ሲያይ ነጠብጣቡ እንዳለ ስለሚያገኘው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሌላ ይገዛል። የቆሰለ ቅጠል ግን አይድንም፤ ማንኮዜብም ያልታመመውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያክምም። መታየት ያለበት ከቁስሉ በላይ ያለው ነው። ከመርጨቱ በፊት በአራት ወይም በአምስት ተክሎች ላይ፣ የመጨረሻው ነጠብጣብ ካለበት ቅጠል በላይ፣ ግንዱ ላይ ቀይ ክር ይታሰር። በሳምንቱ ከክሩ በላይ ያሉት ቅጠሎች ንጹሕ ከሆኑ በሽታው ቆሟል። ከክሩ በላይ አዲስ ነጠብጣብ ከወጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አረጫጨቱ ነው፤ ጀርባው ሳይርስ ቀርቶ ይሆናል፣ መጠኑ አንሶ ይሆናል፣ በማግሥቱ ዝናብ አጥቦት ይሆናል። አረጫጨቱ ደህና ከነበረና አዲሱ ነጠብጣብ ትንሽና ቀለበት የሌለው ከሆነ የመጀመሪያው ግምት ስቷል፤ ለባለሙያው አዲስ ሦስት ፎቶ መላክ ያስፈልጋል።