ደንበኛውን ያመጣው ማስታወቂያው ነው?

በሬዲዮ ያስነገረ፣ ቢልቦርድ ያሰቀለ ወይም በራሪ ወረቀት ያስበተነ ነጋዴ ወሩ ሲያልቅ «ያወጣሁት ገንዘብ ምን መለሰልኝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሬዲዮ ማን እንደሰማው አይናገርም። ቢልቦርዱም ቀና ብሎ ያየውንና ሳያየው ያለፈውን አይለይም። ስለዚህ ብዙው ሰው «ገበያው ደርቷል» ወይም «ቀዝቅዟል» በሚል ስሜት ተመርቶ ውሉን ያድሳል ወይም ያቋርጣል።

ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ የሚያስችሉ፣ ማንኛውም ሱቅ በደብተርና በእስክሪብቶ ሊሠራባቸው የሚችል ሦስት መንገዶች አሉ፦ የቅናሽ ኮድ፣ ለማስታወቂያው ብቻ የተለየ ስልክ ቁጥር፣ እና ከማስታወቂያው በፊትና በኋላ የነበረውን ሽያጭ ማነጻጸር። የመጀመሪያው ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ነው። አሜሪካዊው የማስታወቂያ ባለሙያ ክላውድ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከጋዜጣ ተቆርጠው የሚመለሱ ኩፖኖችን በመቁጠር የትኛው ማስታወቂያ እንደሠራ ማወቅ እንደሚቻል አስረድቷል። ሦስቱም ግን ይሳሳታሉ፤ የሚሳሳቱበት አቅጣጫም የተለያየ ነው። ያንን አቅጣጫ ያወቀ ሰው በአንዱ ሌላውን ማረም ይችላል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። መገናኛና ሳር ቤት ሁለት ቅርንጫፍ ያላት የፍራሽ ነጋዴ አለች እንበል። ለአራት ሳምንት መገናኛ አካባቢ ቢልቦርድ ታሰቅላለች፣ 5,000 በራሪ ወረቀትም ታስበትናለች። ሬዲዮውን ለጊዜው ታቆየዋለች፤ ሁሉም አንድ ላይ ከተጀመረ የአንዱን ውጤት ከሌላው መለየት አይቻልምና።

ኮዱ በማን እጅ ነው?

በበራሪ ወረቀቱ ጥግ ተቆርጦ የሚመለስ ኩፖን አለ፤ ይዞ የመጣ ሰው ከአንድ ፍራሽ ላይ 300 ብር ይቀነስለታል። ነጋዴዋ ኩፖኑን በሁለት ቀለም አሳትማለች። ቢጫው ታክሲ ተራው ላይ ይበተናል፣ አረንጓዴው በአዳዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች በር ላይ። ካሸሯ ኩፖኑን ከደረሰኙ ቅጂ ጋር በስፒል አያይዛ ታስቀምጣለች። አራቱ ሳምንት ሲያልቅ 46 ኩፖን ተመልሷል፤ 12 ቢጫ፣ 34 አረንጓዴ። ሁለቱም እኩል ስለተበተኑ መደምደሚያው ግልጽ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀቱ የሚሄደው ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ነው። ኮድ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እንዲህ ሁለት ቦታን ወይም ሁለት ሰዓትን ለማወዳደር ነው።

ለሬዲዮ ሲሆን ኮዱ በጆሮ የሚያዝ መሆን አለበት። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ታክሲ ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው አይዘውም። ለጠዋቱ ፕሮግራም «ንጋት በሉ»፣ ለማታው «ጨረቃ በሉ» ማለት ይበቃል። ቢልቦርድ ላይ ግን ኮድ እምብዛም አይሠራም፤ እየነዳ የሚያልፍ ሰው ለማየት ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ኮድ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ካሸሩ ጋ ነው። ደንበኛው ዋጋ ሲከራከር ካሸሩ ለማስደሰት ሲል ወረቀት ላልያዘውም ቅናሹን ይሰጠዋል፤ ወይም አንድ ሰው ኮዱን ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል። ይህ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ቅናሹ በአንድ ካሸር ፈረቃ ላይ ከተከማቸ፣ ኩፖን ያልተያያዘበት የቅናሽ ደረሰኝ ከበዛ፣ ወይም የሬዲዮው ቃል ማስታወቂያው ከመነገሩ በፊት ከተመዘገበ ቁጥሩ አይታመንም። ስለዚህ ሕጉ ቀላልና ጥብቅ ይሁን፤ ወረቀቱን ያላስረከበ፣ ቃሉን ራሱ ያልተናገረ ሰው ቅናሽ አያገኝም።

ለቢልቦርዱ የራሱ ስልክ

ነጋዴዋ ለቢልቦርዱ አዲስ ሲም ካርድ አውጥታ ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ላይ ትጨምረዋለች። ስልኩ ሲጠራ ጥሪው በየትኛው ሲም እንደገባ ስክሪኑ ያሳያል። ይህ ቁጥር ቢልቦርዱ ላይ ብቻ ይጻፋል፤ በሱቁ በር፣ በደረሰኝም ሆነ በፌስቡክ ገጽ ላይ አይወጣም። አንድ ቦታ እንኳ ካመለጠ ልኬቱ ተበላሸ ማለት ነው።

የሚቆጠረው ጥሪ ሳይሆን የደወለው ሰው ነው። አንድ ሰው ዋጋ ለመጠየቅ፣ አድራሻ ለመጠየቅ፣ ከዚያም «ደርሻለሁ፣ በየት በኩል ልግባ?» ለማለት ሦስት ጊዜ ይደውላል። ስለዚህ በየማታው የጥሪ ዝርዝሩ ይታያል፣ የተደጋገመው ቁጥር እንደ አንድ ይያዛል፣ ያልተነሳ ጥሪም ይመዘገባል። ያልተነሳው ከበዛ ጉድለቱ የማስታወቂያው ሳይሆን የሱቁ ነው። ደዋዩ ገዝቶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሽያጩ ሲመዘገብ ስልክ ቁጥሩ ይጠየቃል፤ ፍራሽ ቤት ድረስ ስለሚላክ ጥያቄው ለማንም እንግዳ አይደለም። በምሳሌያችን 90 ሰው ደውሎ 12ቱ ገዝተዋል።

ለሬዲዮ ስልኩ ከዚህም በላይ ይናገራል። ጣቢያው ማስታወቂያው የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት ዝርዝር እንዲሰጥ በውሉ ውስጥ ይጻፋል። ከዚያ ማስታወቂያው በተላለፈ በ15 ደቂቃ ውስጥ የገቡት ጥሪዎች፣ ማስታወቂያ ባልነበረበት ቀን በዚያው ሰዓት ከገቡት ጋር ይነጻጸራሉ። ልዩነት ከሌለ ወይ ማስታወቂያው አልተላለፈም፣ ወይ ሰሚው አልተነሳሳም፤ የትኛው እንደሆነ ዝርዝሩ ይለያል።

የስልኩ ጉድለት ሳይደውል በእግሩ የሚመጣውን ሰው አለማየቱ ነው። ይህን ለመሙላት ብዙዎች «ከየት ሰማችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ግን የዋዛ አይደለም። ሰው ያስታወሰውን ሳይሆን ይሆናል ያለውን ይናገራል። የሚታረመው ጭራሽ ያልተሠራበትን አማራጭ ጨምሮ በመጠየቅ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ምንም ሳይነገር ከመቶው 15ቱ «በቴሌቪዥን» ካሉ፣ የሌሎቹንም መልስ በዚያው ልክ መጠርጠር ይገባል።

በፊትና በኋላ፣ እዚህና እዚያ

እስካሁን የተቆጠሩት 58 ገዢዎች ናቸው፤ 46 በኩፖን፣ 12 በስልክ። እነዚህ ማስታወቂያውን ያዩ ሰዎች ናቸው። ማስታወቂያው ባይኖር ኖሮ ከመካከላቸው ስንቱ ይገዛ ነበር? ይህን ኮዱም ስልኩም አያውቁትም። ፍራሽ ለመግዛት ወስኖ ወደ ሱቁ ሲመጣ በሩ አጠገብ ኩፖን የተሰጠው ሰውም እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። ለዚህ ጥያቄ ሽያጩን ማነጻጸር የግድ ነው።

የመገናኛው ቅርንጫፍ ከማስታወቂያው በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት 160 ፍራሽ ሸጧል፣ በማስታወቂያው አራት ሳምንታት 210። ላይ ላዩን 50 ጨምሯል። ነገር ግን ማስታወቂያ ያልደረሰው ሳር ቤትም ከ120 ወደ 132 አድጓል፤ ይህም አሥር በመቶ ነው። ስለዚህ መገናኛም ያለ ማስታወቂያ አሥር በመቶ አድጎ 176 ይሸጥ እንደነበር እንገምታለን። በ210ና በ176 መካከል ያለው ልዩነት 34 ነው። ለማስታወቂያው የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ይለወጣል። አንድ ፍራሽ ከቅናሹ በፊት 2,000 ብር ቢያተርፍ፣ ለቢልቦርዱና ለወረቀቱ 60,000 ብር ወጥቶ ቢሆን፣ ለኩፖኖቹ ደግሞ 13,800 ብር ተቀንሷል። በ58ቱ ቢሰላ 42,200 ብር ትርፍ ይታያል። በ34ቱ ሲሰላ ግን 5,800 ብር ኪሳራ ነው። ደብተሩ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ስሌት ውሉ ይታደሳል፣ በሌላው ይቋረጣል።

ሳር ቤትን የመሰለ ማነጻጸሪያ የሌለው ነጋዴ የዘመን መቁጠሪያውን ጠንቅቆ ማየት አለበት። በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ሰርጉ ይከታተላል፣ ጎጆ ወጪውም አልጋና ፍራሽ ይገዛል። በጾሙ መጨረሻ ማስታወቂያ ጀምሮ የዳግማይ ትንሣኤን ገበያ የሚቆጥር ሰው የሰርጉን ገበያ ለሬዲዮው ይሰጠዋል። «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽራለሁ» ማለትም ብቻውን አያድንም፤ በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ውሎ ነበር፣ በ2017 ግን ሚያዝያ 12። የሚነጻጸረው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት ከፋሲካ በኋላ ካለው ሳምንት ጋር ነው። ደመወዝም ወር ጠብቆ ስለሚመጣ ሁለቱም ወገን ሙሉ የደመወዝ ዙር መያዝ አለባቸው። ሽያጩም በብር ሳይሆን በፍሬ ይቆጠር። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ እንደታየው፣ ዋጋ ሲንር የብሩ ድምር አንድም ፍራሽ ሳይጨመር ሊያድግ ይችላል።

34 የሚለው ቁጥርም ቢሆን ሊፈተን ይገባል። ነጋዴዋ ማስታወቂያ ያልነበረባቸውን ያለፉ ወራት አውጥታ ያንኑ ሒሳብ ትሥራ። ያለ ምንም ማስታወቂያ ሁለቱ ቅርንጫፎች በየጊዜው በ30 እና በ35 ፍራሽ የሚራራቁ ከሆነ፣ 34ቱ የገበያው የተለመደ መወዛወዝ ሊሆን ይችላል። ከአምስትና ከስድስት የማይበልጥ ከሆነ ግን ማስታወቂያው በእርግጥ ገዢ አምጥቷል። ከዘመቻው በኋላ ያሉት አራት ሳምንታትም ይቆጠሩ። መገናኛ ከወትሮው በታች ከወረደ ኩፖኑ የሚቀጥለውን ወር ገዢ አስቀድሞ ጠርቶታል። ሳር ቤት ከቀነሰ ደግሞ ደንበኛው ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው፤ ያኔ 34ቱም ይበዛል። በተቃራኒው ወረቀቱን አስቀምጦ ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣ ገዢ ስለሚኖር የቢልቦርዱ ሲም ካርድ ወዲያው አይዘጋ።

ነጋዴዋ በሁለተኛው ዙር ቢልቦርዱን ትታ በራሪ ወረቀቱን ብቻ፣ ለኮንዶሚኒየሞቹ ብቻ፣ ቅናሹን ወደ 150 ብር አውርዳ ብትሞክር ከመጀመሪያው ዙር የተማረችውን በሥራ አዋለች ማለት ነው። ኩፖኑ የት መበተን እንዳለበት ነግሯታል። ስልኩ 90 ሰው ደውሎ 12 ብቻ የገዙበት ቢልቦርድ ውድ እንደነበር አሳይቷታል። የሁለቱ ቅርንጫፎች ንጽጽር ደግሞ ከወጪዋ የትኛው እንደሚመለስ የምትለካበትን ወሰን ሰጥቷታል፤ ሁለተኛው ዙር የሚጀመረውም ከስንት ተጨማሪ ፍራሽ በታች ከሆነ እንደሚቆም አስቀድሞ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ነው።