«እንመለስበታለን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አሜሪካ ውስጥ ቢሮ የገባ አዲስ ሠራተኛ እንግሊዝኛው ጥሩ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ግራ ያጋቡታል። በእኔ እምነት ከቢሮው አነጋገሮች ሁሉ ቀድሞ ሊገባው የሚገባው «ሰርክል ባክ» የሚለው ነው።

በሒሳብ ክፍል የተቀጠረች አንዲት ወጣት እናስብ። ሰኞ ስብሰባ ላይ አንዳንድ የክፍያ መጠየቂያዎች ሁለት ጊዜ እየተመዘገቡ መሆኑን ታነሳና የአመዘጋገቡ ሥርዓት እንዲለወጥ ሐሳብ ታቀርባለች። አለቃዋ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሰርክል ባክ እናደርጋለን» ትላታለች፤ ዞረን እንመለስበታለን እንደማለት። ልጅቷ ቀጠሮ የተያዘላት መስሏት ትጠብቃለች። ሳምንት ያልፋል፣ ሌላም ይደገማል፤ የሚጠራት የለም። አለቃዋ አልዋሸቻትም። እኛ ዘንድ «እናስብበታለን» እንደሚባለው፣ ነገሩን ሳትቀበልም ሳትጥልም አሳልፋዋለች።

መለያው ቀኑ ነው። «ሐሙስ ጠዋት እንነጋገርበት» ከተባለ እውነተኛ ቀጠሮ ነው። ቀንም፣ ጉዳዩን የሚይዝ ሰውም ካልተጠቀሰ ግን ባለቤቱ ራሱ እስኪያነሳው ድረስ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ ልጅቷ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ብትልክ ይሻላል፦ «ዛሬ ያነሳሁትን ጉዳይ በሐሙሱ ስብሰባ አጀንዳ ላስይዘው? ሁለቴ የተመዘገቡ ሦስት መጠየቂያዎች አያይዣለሁ።» ይህ እዚያ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። መልሱ «አስይዢው» ከሆነ ጉዳዩ በሕይወት አለ፤ «አሁን ጊዜው አይደለም» ከሆነም ቁርጡን ታውቃለች።

«ባንድዊድዝ» መነሻው የሬዲዮና የስልክ ምህንድስና ነው፤ በኋላ መስመር በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፈው የመረጃ መጠን መጠሪያ ሆነ። ቢሮ ውስጥ የሰው ጊዜና ጉልበት ማለት ነው። አለቃ «ባንድዊድዝ አለሽ?» ብላ ስትጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ልትሰጥ ነው። እኛ አለቃን እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስለን እሺ ለማለት እንፈጥናለን፤ እዚያ ግን እሺ ያለ ሰው በቀኑ ሊያስረክብ ቃል ገብቷል። «የወሩን ሒሳብ መዝጊያ ይዣለሁ፤ ይህን ካስቀደምኩ እሱ ወደ ዓርብ ይገፋል፤ የቱ ይቅደም?» ማለት ይበጃል። ይህ እምቢታ አይደለም፤ ምርጫውን ለአለቃ መተው ነው።

«ሎው ሃንጊንግ ፍሩት» ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ፍሬ ነው፤ ብዙ ሳይደከምበት ቶሎ ውጤት የሚሰጥ ሥራ። ለልጅቷ ይህን ያሏት ከሆነ መልእክቱ «ሥርዓቱን ሁሉ ለመለወጥ አትነሺ፤ መጀመሪያ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸውን መጠየቂያዎች ለይተሽ አውጪ» ነው። አዲስ ሰው ግን ይህን አነጋገር በሌላው ሥራ ላይ ባይጠቀምበት እመክራለሁ። ባልደረባዋ ለወራት የታገለችበትን ጉዳይ እንዲህ ብላ ብትጠራው፣ «ይህን ቀላል ነገር እንዴት አቃተሽ?» ያለቻት ያህል ይሰማል።