የገበያ እንሰት ጓሮ ከመግባቱ በፊት

ከጉንችሬ ገበያ የተገዛ የእንሰት ችግኝ ቤት ሲደርስ ብዙ የሚናገረው ነገር የለውም። ለሸክም እንዲመች ቅጠሉ ከላይ ተቆርጧል፣ ሥሩም ተከርክሟል። የቀረው አጭር ግንድና ጭቃ የያዘ አሚቾ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ አጠውልግ የሚባለው በሽታ መጀመሪያ የሚያስታውቀው ከመሃል ተጠቅልሎ በሚወጣው ለጋ ቅጠል ላይ ሲሆን፣ ገበያ ላይ የሌለውም እሱው ነው። ሻጩ ሊያታልል ባያስብ እንኳ ገዢው የሚያይበት ነገር የለም። ችግኙን ከሌላው እንሰት ለይቶ ማቆየት ያስፈለገውም ቅጠሉ አድጎ ራሱ እስኪናገር ነው።

አጠውልግን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንሰት ላይ ለይተው ያሳወቁት በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እስካሁን የታመመውን እንሰት የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። በሽታው በታመመ ችግኝ፣ የታመመ እንሰት በቆረጠ ቢላዋ፣ በከብትና በፍየል ንክሻም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል።

አምስት ችግኝ ተገዛ እንበል። ብዙ ሰው ቤቱ እንደደረሰ ከቤቱ ጀርባ፣ ፍግ በጠገበው አፈር ላይ፣ ከነባሮቹ ጎን ይተክላቸዋል። ከዚያ ይልቅ ከእንሰቱ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ራቅ ያለ፣ በተለይ ደግሞ ከእንሰቱ በታች ያለ ቦታ ይመረጥላቸው። ከላይ ከሆኑ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ አፈራቸውን ወደ ነባሮቹ ይዞ ይወርዳል። ከብት እንዳይደርስባቸው ይታጠሩ። ለእነሱ የሚሆን አንድ ቢላዋና አንድ መቆፈሪያ ለብቻው መመደብ ይሻላል። ይህ ካልተቻለ የቢላዋው ጭቃ ታጥቦ፣ ስለቱ እሳት ላይ በደንብ ይጋል። በየቀኑም መጀመሪያ ነባሮቹን፣ መጨረሻ ላይ አዲሶቹን መንከባከብ ነው፤ በዚህ ልማድ ቢያንስ እጅና ጫማ በሽታ ይዘው ወደ ጓሮ አይመለሱም።

ከመተከላቸው በፊት አሚቾውንና ሥሩን አጥቦ ማየት ሌላም ነገር ያሳያል። ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ነጫጭ ተባዮች ከሥሩ ጋር ተጣብቀው ይገኙ ይሆናል። ሥር እየመጠጡ እንሰቱን የሚያቀጭጩ ናቸው፤ ጉንዳንም ፈሳሻቸውን ስለሚወድ አይርቃቸውም። ትናንሾቹ በመጀመሪያው ቀን ከዓይን ያመልጣሉ። ስለዚህ ከአራት ሳምንት በኋላ የአንዱን ጎን በጥንቃቄ ቆፍሮ ሥሩን እንደገና ማየት ይገባል።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ማንኛውም የተዛወረ እንሰት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ይከፋል፤ ይህን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። የነባር ቦታ ናፍቆት በሉት። በዚህ ጊዜ የሚደርቁት የዳር ቅጠሎች ናቸው፣ መሃሉ ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል። አጠውልግ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዳሩ ገና አረንጓዴ ሆኖ የመሃሉ ለጋ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ ቢጫ ይሆናል። ለማረጋገጥ የቅጠሉን እግር ቆርጦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከቁርጡ ላይ ቢጫማ ወይም ክሬም የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ በሽታው እሱ ነው። ፍልፈል ሥሩን የበላው እንሰትም ይጠወልጋል፣ ግን ይህ ፈሳሽ አይወጣውም፤ ሲነቀልም የተበላው ቦታ ይታያል።

ከአምስቱ አንዱ በአምስተኛው ሳምንት እንዲህ ቢሆን፣ እሱ ከነአሚቾው ተነቅሎ እዚያው አጠገቡ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ለከብት አይሰጥም፣ ፍግ ላይ አይጣልም፣ በጓሮው መሃልም አይጎተት። የተነካካው ቢላዋና መቆፈሪያ ወዲያው እሳት ይንካው። ለቀሩት አራቱ የጥበቃው ቆጠራ ከዚያ ቀን አንድ ተብሎ እንደገና ይጀምራል።

ስንት ጊዜ ይቆዩ? አነሰ ቢባል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ሁለት ሦስት አዲስ ቅጠል እስኪያወጡ ድረስ። ይህ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ባክቴሪያው ምልክት ሳያሳይ ከዚያም በላይ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ጉራጌ ውስጥ ደግሞ እንሰት የመጨረሻ ቦታውን እስኪይዝ ከአንድ ጊዜ በላይ ይዛወራል። ስለዚህ ቦታ ያለው ሰው አዲሶቹን እስከሚቀጥለው የማዛወሪያ ወቅት በዚያው ቢተዋቸው ተጨማሪ ድካም የለበትም፤ መነቀላቸው አይቀርምና። ሲነቀሉም አፈሩ ተራግፎ እዚያው ይቀራል፣ አሚቾው ለመጨረሻ ጊዜ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ጓሮ ይገባሉ።