ወደ ቀኝ የሸሸ ምስል፦ ለቴክኒሻኑ ምን ብለን እንጻፍ?

«ስክሪኔ ተበላሽቷል፣ ቶሎ ድረሱልኝ» የሚል መልእክት የደረሰው የቢሮ ቴክኒሻን ምን ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም። ኬብል ይሁን፣ ሌላ ሞኒተር ይሁን፣ ወይስ ባዶ እጁን ይምጣ? ምስሉ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ግን ጥሩ ደብዳቤ ከደረሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ችግሩን ሊለይ ይችላል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ደብዳቤ፦

«ጉዳዩ፦ ወደ ቀኝ የሸሸ የሞኒተር ምስልን ይመለከታል።

ከትናንት ጀምሮ በሞኒተሬ ግራ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች 2 ሳንቲሜትር ያህል ጥቁር ሆኗል። በቀኝ በኩል ደግሞ የዴስክቶፑ ጠርዝ አይታይም፤ መስኮት መዝጊያዋ ኤክስ የለችም፣ ሰዓቱም ተቆርጧል። ከላይና ከታች የጎደለ ነገር የለም። ማውሱን ወደ ቀኝ ስገፋው ቀስቱ ይጠፋል፣ ምስሉ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ኬብሉ ሰማያዊ ጫፍና ሁለት ብሎን ያለው ነው። ትናንት ኮምፒውተሩ ተቀይሯል፣ ሞኒተሩ የድሮው ነው። በስልክ ያነሳሁትን ፎቶና ከኮምፒውተሩ የወሰድኩትን ስክሪንሾት አያይዣለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

ከዚህ ደብዳቤ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ብዙ ሰው ስክሪንሾት ብቻ ይልካል፤ ቴክኒሻኑም ይከፍተውና «ይኸው ሙሉ ነው፣ ችግር የለበትም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስክሪንሾት የሚወሰደው ከኮምፒውተሩ ውስጥ እንጂ ከሞኒተሩ መስታወት ላይ ስላልሆነ እንዲህ ያለውን ብልሽት ሊያሳይ አይችልም። ከርቀት ገብቶ የሚያይ ባለሙያም እንደዚያው ሙሉ ዴስክቶፕ ነው የሚታየው። ስክሪንሾቱ ሙሉ፣ የስልኩ ፎቶ የተቆረጠ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ፋይልም አልጠፋም። ጥፋቱ ያለው ከኬብሉ ወዲህ ነው።

ሰማያዊው ኬብል ቪጂኤ ይባላል። በ1987 የወጣ፣ 15 ፒን ያለው፣ ለቱቦ ሞኒተሮች ዘመን የተሠራ ነው። ኮምፒውተሩ በዚህ ኬብል ምስሉን መስመር በመስመር ይልካል፤ በየመስመሩ መካከል አጭር ምልክት ይሰጥና ጥቂት ባዶ ጊዜ ያሳልፋል። ባዶው ጊዜ የት አብቅቶ ምስሉ የት እንደሚጀምር ግን በኬብሉ የሚነግረው ስለሌለ ሞኒተሩ ይገምታል። በተለመደው 1920 በ1080 ጥራት አንድ መስመር የ2200 ፒክስል ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ የሚታየው 1920 ብቻ ነው። ሞኒተሩ ቀድሞ ማንበብ ከጀመረ መጀመሪያ የሚያገኘው ባዶውን ስለሆነ ግራው ይጠቁራል። ቀድሞ የጀመረ ቀድሞ ይጨርሳልና የቀኙ ጫፍ ሳይነበብ ይቀራል። በ22 ኢንች ሞኒተር ላይ 2 ሳንቲሜትር ወደ 80 ፒክስል ይጠጋል፤ ኤክሷን ሙሉ በሙሉ ለመዋጥ በቂ ነው።

መፍትሔው ታዲያ ሞኒተሩን እንደገና እንዲገምት ማድረግ ነው። ከሞኒተሩ ቁልፎች AUTO የሚለውን መጫን፣ ወይም ከሜኑ ውስጥ Auto Adjust መምረጥ። ከመጫንዎ በፊት እስከ አራቱም ጠርዝ የሚደርስ ነጭ ነገር ስክሪኑን ሙሉ አድርገው ይክፈቱ። ሞኒተሩ የምስሉን ዳር የሚፈልገው ብርሃን በማየት ስለሆነ ጥቁር ዎልፔፐር ያሳስተዋል። AUTO ብቻውን ካልበቃ H-Position የሚለውን ጥቁሩ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ግራ ይግፉት። እዚያው አጠገብ ያለውን Clock ባይነኩት ይሻላል፤ እሱ የሚቀይረው የምስሉን ስፋት ነው።

በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ሌሎች ዝርዝሮች የተጻፉት ለማጣራት ነው። በቀኝ ጎድሎ በግራ ጥቁር ከሌለ ምስሉ አልሸሸም፤ ስፋቱ ወይም የጥራት ምርጫው ነው የተዛባው። አራቱም ጠርዝ እኩል ከተቆረጠና ኬብሉ ኤችዲኤምአይ ከሆነ ሞኒተሩ ራሱን እንደ ቴሌቪዥን ቆጥሮ ምስሉን አስፍቶታል፤ የሚስተካከለውም Overscan ከሚለው ላይ ነው። ማውሱ ሲሄድ ዴስክቶፑም አብሮ ከተንሸራተተ ደግሞ ጉዳዩ የኮምፒውተሩ ቅንብር ነው፣ ሞኒተሩን መነካካት አያስፈልግም።

አስተካክለውት በተከፈተ ቁጥር ተመልሶ የሚሸሽ ከሆነ፣ ሞኒተሩም ኮምፒውተሩም መሰኪያው ካላቸው፣ በኤችዲኤምአይ ወይም በዲስፕሌይፖርት ኬብል እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። በእነዚህ ኬብሎች የምስሉ መጀመሪያ ከሲግናሉ ጋር ስለሚላክ ሞኒተሩ አይገምትም። ስክሪንሾቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ከመጣ ግን እሺ አይበሉ።